የስምንት ሰዓቱ ማስታወቂያ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ ወደ ሩዋንዳ በሚያወጣው የውስጥ መንገድ ላይ፣ በሯ ጠባብ ወረቀቷ ብዙ የሆነ አንዲት የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ባለቤቷ ራሕማ ሐሩን ትባላለች። ዕድሜዋ አርባ አምስት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ዓመት የሰው ጽሑፍ ስትተይብ አሳልፋዋለች። ማመልከቻ ትተይባለች፣ ውል ትተይባለች፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ትተይባለች። ከሁሉ የሚበዛው ግን ልብ ወለድ ነው። በዚህ ከተማ ስንት ሰው ደራሲ እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ሰው አንድ ሳምንት እሷ ቤት ደጃፍ ላይ ይቀመጥ።

ደራሲ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው። ደብተሮቹን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በብብቱ ሸጉጦ፣ ግራ ቀኙን እያየ የሚገባ አለ። ታሪኩን ለማንም እንዳትናገር የሚያስምላት አለ፤ ብትናገረውም የሚሰርቀው አይገኝም እንጂ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚሞትበት ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀምጦ የሚያለቅስም አጋጥሟታል። ራሕማ ሁሉንም ትችላቸዋለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲንገዳገድ ካየች ዝም ብላ ታቃናዋለች፤ ሁለት ገጽ ሙሉ የጨረቃ ወሬ ሲሆን ደግሞ ወደ ሁለት መስመር ታወርደዋለች። ባለቤቱ አይነቃም። «አንቺ ስትጽፊው እኮ ያምራል» ይላታል። እሷም «ኮምፒውተሩ ነው» ብላ ታልፈዋለች። እኔ እንዲህ ያለ ትሕትና ያለው ሰው ብዙ አላየሁም፤ እኔ ብሆን ኖሮ ሒሳቡ ላይ እጨምርበት ነበር።

መጽሐፉ ሲታተም ማስታወቂያውንም የምታሰናዳላቸው እሷው ናት። በዚህ ነገር ሕግ አላት። አንደኛ፣ ካርቶኑ ተከፍቶ ዓይኗ ካላየው መጽሐፍ «ወጥቷል» አይባልም። አንድ ደንበኛዋ ምክሯን አልሰማ ብሎ «በዚህ ሳምንት እጃችሁ ይገባል» ሲል በየገጹ ለጠፈ። ማተሚያ ቤቱ ወረቀት አለቀበትና አራት ወር ቆየ። ሰውየውን ለቅሶ ቤት ሳይቀር «መጽሐፍህስ?» ይሉት ነበር። ሁለተኛ፣ ራስን ማወደስ የለም፤ «ተወዳጁ» እና «በጉጉት ሲጠበቅ የነበረው» የሚሉት ቃላት ከእሷ ቤት አይወጡም። ማን ጠበቀው? ሦስተኛ፣ ቅንጭቡ ከመጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ይወሰዳል፤ ፍጻሜውን የሚያሳብቅ መሆን የለበትም፤ ደግሞም አንባቢው «ከዚያስ?» የሚልበት ቦታ ላይ ይቆረጣል። አራተኛውን ሕግ ያወጣው ቴሌግራም ነው። ከፎቶ ሥር የሚጻፍ ጽሑፍ ፊደሉም ክፍት ቦታውም ተቆጥሮ ከአንድ ሺህ ሃያ አራት አይበልጥም። ደራሲዎቿ ይህን ስትነግራቸው የልጃችሁን እግር ቁረጡ የተባሉ ያህል ይከፋቸዋል።

ታዲያ ይህች ሴት ለስድስት ዓመት የራሷን ልብ ወለድ ስትጽፍ አንድም ሰው አላወቀም። ቤቱን የምትከፍተው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ደንበኛ የሚመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ። ያቺን አንድ ሰዓት ነበር የምትጽፍባት። ፋይሉን «የደረሰኝ ቅጽ» ብላ ሰይማ ከሌሎቹ ቅጾች መሃል ደበቀችው። ሚስጥሩን ያወጣችው ሀይሚ ናት። ሀይሚ የሽፋን ሥዕልና የሠርግ ጥሪ ካርድ የምትሠራ፣ ጥግ ላይ የራሷ ጠረጴዛ ያላት፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሆናት የሲኤምሲ ልጅ ናት። አንድ ቀን ደንበኛ ደረሰኝ ሲጠይቃት ፋይሉን ከፈተች፤ ሁለት መቶ ገጽ ሆነ። ማታ ቤቷ ወስዳ አነበበችው። በማግስቱ ዓይኗ አባብጦ መጥታ፣

«ራሕምዬ፣ በሕይወቴ ደረሰኝ አስለቅሶኝ አያውቅም» አለቻት።

ከዚያ በኋላ መደበቅ ቀረ። ሀይሚ ሽፋኑን ሠራች፤ ሁለት አንባቢዎች ረቂቁን አይተው አስተያየት ሰጡ፤ ራሕማ ከቤተ መጻሕፍት ኤጀንሲው የመጽሐፉን መለያ ቁጥር አውጥታ ጀርባው ላይ አስገባች፤ ማተሚያ ቤት ገባ። የመጽሐፉ ስም «ስምንተኛ ለ» ነው።

ስሙ ከየት እንደመጣ ለመናገር ስለ ወንድሟ ስለ ሰይድ መናገር ግድ ይላል። ሰይድ ሐሩን ከእሷ በስድስት ዓመት ይበልጣል። ከመገናኛ ሲኤምሲ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው ኮተቤ ነበር የሰፈሩት። አባታቸው ሐሩን ሲሞት ሰይድ ስምንተኛ ክፍል ነበር፤ የሚኒስትሪ ፈተና ተፈትኖ ውጤት ይጠባበቅ ነበር። ውጤቱ የመጣ ቀን ቤት ገብቶ «ወደቅሁ» አለ። በሳምንቱ ጆንያ መሸከም ጀመረ፤ ቀጥሎ ረዳት ሆነ፣ ቀጥሎ መንጃ ፈቃድ አወጣ። በእሱ ላብ ራሕማ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፣ የጽሕፈት ሥራ ተማረች፣ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ገዛች። ሰው ስለ ትምህርቱ ሲጠይቀው ሰይድ ይስቃል። «እኔ ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው፤ ጭንቅላቱ የእህቴ ነው» ይላል። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህንን ነው ያለው።

ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ትምህርት ቤት የድሮ ሮስተሮቹን አስተይቦ በኮምፒውተር ሊያስቀምጥ ፈለገ። ሥራው ለራሕማ ደረሳት። ወረቀቶቹ ቢጫ ሆነዋል፤ ጠርዛቸውን አይጥ በልቶታል። እየተየበች ሄዳ ሄዳ ስምንተኛ «ለ» ክፍል ላይ ደረሰች። ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት፤ ሰይድ ሐሩን፤ የክፍል ደረጃ አንደኛ፤ የሚኒስትሪ ውጤት ዘጠና ስምንት። ጣቶቿ ቆሙ። የሌላ ሰይድ ይሆናል ብላ የእናት ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ አመሳከረች። የሌላ ሰይድ አይደለም። ያን ቀን ቤቱን ዘግታ ተቀምጣ አለቀሰች።

ለእሱ ግን አልነገረችውም። ምን ትበለው? ሰይድ ለማንም ውለታ ዋልኩ የማይል፣ ሲመሰገን የሚከፋው፣ ግትር ሰው ነው። አውቃለሁ ብትለው የጠበቀውን ነገር የቀማችው ይመስላታል። አላውቅም ብላ መኖርም አልቻለችም። ስለዚህ ጻፈችው። ስሙን ሃይደር አለችው፤ ሚኒባሱንም የጋራዥ ሥራ አደረገችው። ውጤቱን እንኳ ወደ ዘጠና አራት አወረደችው፤ ሀይሚ «ዘጠና ስምንት አንባቢ አያምንም፤ ልብ ወለድ ነው የሚመስለው» ብላት። አንድ ነገር ብቻ መቀየር አቃታት። ሰይድ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ላይ እርሳስ ይሰካል። እስክሪብቶ አይወድም። እርሳሱን በምላጭ ይሞርደዋል፤ ተራ ሲጠብቅ መሪው ላይ በተገኘው ወረቀት ቁጥር ይደምራል ያባዛል። መገናኛ ተራ ላይ ያሉ ሹፌሮች «አናጢው» ነው የሚሉት። ራሕማ ያንን እርሳስ ከሃይደር ጆሮ ላይ ልታነሣው ሞክራ ነበር፤ እርሳሱ ሲነሣ ልጁ አብሮ ጠፋባት። ተወችው።

ሐሙስ ዕለት ካርቶኖቹ ደረሱ። ራሕማ እንደ ሕጓ የመጀመሪያውን ካርቶን ራሷ ከፈተች። የሰው መጽሐፍ ሲመጣ እንደምታደርገው ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች አንዳንድ ቅጂ አወጣች፤ ገጽ የዘለለ፣ ተገልብጦ የተጠረዘ፣ ቀለም የሸሸው እንዳለ አየች። ምንም የለም። ከዚያ በኋላ ነው ሽፋኑ ላይ ያለውን ስሟን ያየችው። ሀይሚ በስልክ ትቀርጻታለች፤ እሷ አንገቷን ደፍታ ሽፋኑን በነጠላዋ ጫፍ ታብሳለች፤ አቧራ እኮ የለበትም።

ማስታወቂያው ላይ ግን ተጣሉ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ማስታወቂያ በአሥር ደቂቃ ስትጽፍ የኖረች ሴት የራሷ ላይ ስትደርስ እጇ ተሳሰረ። ሦስት ቅንጭብ መርጣ ነበር፤ አንዱ የሠርግ ነው፣ አንዱ የጋራዥ ጠብ ነው፣ ሦስተኛው ገጽ 41 ነው።

«ገጽ 41 ነው፣ ምን ያጠያይቃል?» አለች ሀይሚ። «ሌሎቹ ጥሩ ናቸው። ይሄኛው ግን ያሳብዳል። ለደንበኛ ቢሆን አንቺ ራስሽ የቱን ትመርጪ ነበር?»

ራሕማ መልሱን ታውቀዋለች። «ወንድሜ ሳያየው አይሆንም» አለች።

«እሺ አሳዪው።»

«ነገ ጁምዓ አይደል? ሰግዶ ሲወጣ ምሳ እዚህ ነው የሚበላው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አነብለታለሁ። እንቢ ካለ የሠርጉን እናስገባለን።»

ችግሩ ማስታወቂያው ለነገ ስምንት ሰዓት ቀጠሮ የተያዘለት መሆኑ ነው። ሦስት የመጽሐፍ ቻናሎች፣ አከፋፋዩና መገናኛ ያሉ አዟሪዎች በዚያ ሰዓት አብረው ሊያሰራጩት ተስማምተዋል። ራሕማ ደግሞ ራሷን ታውቃለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ቁልፉን ለመጫን አቅም አታገኝም። ስለዚህ የምትፈራውን ነገር ቀድማ ሠራችው። ፎቶውን አስገባች፤ ጽሑፉን ከአንድ ሺህ ሃያ አራት በታች እስኪሆን ከረከመችው፤ በሰዓቱ ራሱ እንዲለቀቅ ስልኩን አዘዘችው። ሰይድ እንቢ ካለ ግማሽ ሰዓት አላት፤ ታጠፋዋለች። ቀኑን ዓርብ አለች፤ ሰዓቱን ስምንት አለች፤ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። እንዲህ ይል ነበር፦

«ስምንተኛ ለ
ልብ ወለድ፤ በራሕማ ሐሩን

የመጀመሪያ መጽሐፌ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ እጄ ገብቷል። 264 ገጽ አለው። ከዛሬ ጀምሮ በመጻሕፍት መደብሮች፣ መገናኛ ባሉ አዟሪዎችና ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ባለው የጽሑፍ ቤቴ ይገኛል። ምረቃው የፊታችን ሳምንት ቅዳሜ ነው፤ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል።

ከገጽ 41፦

ሃይደር ቤት ሲገባ እናቱ በርበሬ እየነፋች ነበር። ወረቀቱ ካልሲው ውስጥ ነው፤ በተራመደ ቁጥር ቁርጭምጭሚቱን ይቆረቁረዋል። ዘጠና አራት። ርእሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ አንብበውለታል።

«እህስ?» አለች እናቱ።

እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አየው። ጠዋት ነበር በምላጭ የሞረደው። መልሶ ሰካው።

«ወደቅሁ» አለ።

እናቱ ወንፊቱን አላቆመችም። ታናሽ እህቱ ግን ጥግ ላይ ፊደል የምትጽፍበትን ደብተር ዘግታ አየችው።

«አንቺ ምን ታያለሽ?» አላት። «ጻፊ።»

ከዚያ ጓሮ ዞረና ካልሲውን አወለቀ...»

ዓርብ ጠዋት ራሕማ እንደልማዷ አንድ ሰዓት ላይ ከፈተች። መጻሕፍቱን ደረደረች፤ ለሰይድ የምታነብለትን ቅጂ ለይታ ገጽ 41 ላይ ወረቀት አስገባችበት። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ማቆሚያ አጣ። ማስታወቂያው ወጥቷል።

መጀመሪያ ሀይሚን ጠረጠረች። ደወለችላት፤ ሀይሚ ታክሲ ውስጥ ናት፤ እሷም ደንግጣለች። «እኔ አልነካሁትም፣ ማርያምን! ስንት ሰዓት ነበር ያልሽው?»

«ስምንት።»

«ስምንት ስትይ... በኛ ነው በስልኩ?»

ራሕማ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ስልኳ እንደ ሁላችንም ስልክ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። የእኛ ስምንት ሰዓት ለእሱ አሥራ አራት ነው። እሷ ስምንት አለችው፤ እሱም ታዛዥ ነውና በራሱ ስምንት፣ ማለትም በእኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለቀቀው። ስንቱን ደንበኛ «በአበሻ ነው በፈረንጅ?» እያለች ስታርም የኖረች ሴት! ሲጨንቅ የሚያውቁት ነገር ሁሉ ይጠፋል። ቻናሎቹም «ቀደም አለች እንዴ?» ብለው ተከተሉ፤ አከፋፋዩም ተከተለ።

«አጥፋ» የሚለው ቁልፍ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ግን ከእሷ ገጽ ብታጠፋው ሌሎቹ የወሰዱት አይመለስም፤ ይህንን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ደግሞ ሌላ ነገር አሰበች። ሰይድ እስካሁን አይቶት ከሆነ፣ ደግሞ ሊያየው ሲል ጠፍቶ ቢያገኘው ምን ይላል? አፈረችብኝ ይላል። ጣቷን አነሣች።

ሦስት ሰዓት ላይ ሐዱሽ ደወለ። ሐዱሽ የሰይድ የሥራ ጓደኛ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት አንድ ተራ ላይ ሠርተዋል።

«ራሕማ፣ ይሄን ነገር የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ሐዱሽ። የት አየኸው?»

«የሹፌሮቹ ግሩፕ ላይ ገባ። እኔም ሞኝ ነኝ፣ ደስ ብሎኝ ‹የሰይድ እህት መጽሐፍ አወጣች› ብዬ ተራው ላይ ጮክ አድርጌ አነበብኩት። እርሳስ ጆሮው ላይ የሚለው ጋ ስደርስ ሁሉም ዞሮ አናጢውን አየው። እኔም ያኔ ነው የገባኝ።»

«እሱስ? ምን አለ?»

«ከፊቱ አንድ መኪና ብቻ ቀርቶት ሳለ ከተራው ወጥቶ ባዶ መኪናውን ይዞ ሄደ። ሰይድ ተራ ለቆ አያውቅም እኮ።»

ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ዝግ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጠዋት ለራሕማ የተገለበጠ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሲሆን እያየች የቀናችበት ነገር ሁሉ በአንድ ቀን መጣላት፤ ደስታው ግን አልገባ አላት። አከፋፋዩ ደውሎ ተጨማሪ ካርቶን ጠየቀ። የድሮ ደንበኞቿ፣ እነዚያ ታሪካቸውን ያስማሏት ደራሲዎች፣ «ለካ አንቺ ነበርሽ የምታቃኚልን!» እያሉ ጻፉላት። አራት ሰዓት ላይ አንድ ሸሚዙ የተተኮሰ የቢሮ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ፣

«ያ ልጅ ወረቀቱን ምን አደረገው?» አላት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ገጽ 42 ላይ አለ» አለችው። ገዛና ቆሞ እያነበበ ወጣ። ቅንጭብ ማለት እንዲህ ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ይህንን ለሳምንት ታወራው ነበር። አሁን ግን ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። መጽሐፉ ይሸጥ አይሸጥ ጉዳይዋ አልነበረም። በዓለም ላይ አንድ ወንድም ነው ያላት፤ ያንንም ሠላሳ ሰባት ዓመት የደበቀውን ነገር በመገናኛ ተራ ላይ በሰው አፍ እንዲሰማ አድርጋዋለች።

የጁምዓ ሶላት አለቀ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሀይሚ ምሳውን አቀረበች፤ ማንም አልነካውም። ሩብ ጉዳይ ለስምንት ሲሆን ሰይድ በሩ ላይ ታየ። ነጭ ጀለቢያውን ለብሷል፤ ኮፍያው አልወለቀም። ጆሮው ላይ እርሳስ የለም። ራሕማ በሕይወቷ ያለ እርሳስ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ጋሼ...»

«ቆይ።» ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። ሀይሚ ልትወጣ ስትል «ተቀመጪ ልጄ፣ ካንቺ የሚደበቅ አይደለም፤ አገሩ ሰምቶታል» አላት። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «ከሰው አፍ እሰማዋለሁ? ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«ልነግርህ ነበር። ወላሂ ጋሼ፣ ዛሬ ምሳ ላይ ላነብልህ ነበር። ገጹ ላይ ወረቀት እንኳ አድርጌበታለሁ፣ ይኸው። ስምንት ሰዓት ላይ ነበር የሚወጣው። እንቢ ካልክ ላጠፋው ነበር።»

«ታዲያ?»

«ስልኩን በኛ ሰዓት አዘዝኩት።»

ሰይድ አየት አደረጋት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሰ መስሏት ተነሣች፤ እሱ ግን እየሳቀ ነው። «ያ አላህ! ጭንቅላቱ የእህቴ ነው እያልኩ ሠላሳ ሰባት ዓመት ለሰው ሳወራ!» አለ። ሀይሚ አፏን ብትይዘውም ሳቋ አመለጣት፤ ራሕማ ግን ሳቁም ልቅሶውም አንድ ላይ መጣባት።

«አፉ በለኝ» አለችው።

«ከየት አወቅሽ?»

ሮስተሩን ነገረችው። ቢጫውን ወረቀት፣ ተራ ቁጥር ሃያ ሦስትን፣ ቤቱን ዘግታ ያለቀሰችበትን ቀን ሁሉ። ሰይድ መሬት መሬቱን እያየ ሰማት።

«ለምን ደበቅከኝ ጋሼ?»

«እማዬ ብታውቅ ኖሮ የጆሮ ጉትቻዋን ሸጣም ቢሆን ታስተምረኝ ነበር። አንቺ ደግሞ ያኔ ሕፃን ብትሆኚም አድገሽ ስታውቂው ትቀመጪልኝ ነበር? ደብተርሽን ወርውረሽ ‹እኔም ልሥራ› ትዪ ነበር። አውቅሻለሁ። ጠዋት ሲኤምሲ መጨረሻ ላይ አቁሜ አሥር ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ጁምዓ ላይ ደግሞ የኮተቤ አብሮ አደጎቼ እነ አብዱልጀባር መጥተው እጄን ጨበጡኝ። ‹ድንጋይ ነኝ ስትለን አምነንህ!› አሉኝ። እኔ ራሴ አምኜው እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። ሰው ሲዋሽ ሲዋሽ ራሱንም ያሳምናል።»

እጁን ዘረጋ። ራሕማ ወረቀት ያስገባችበትን ቅጂ ሰጠችው። ሰይድ ከኪሱ መነጽሩን አወጣ፤ ገጽ 41ን በጣቱ እየተከተለ በቀስታ አነበበ። ከዚያ ከሌላኛው ኪሱ እርሳሱን አወጣ። ጫፉ ተሞርዷል።

«ካልሲ ይላል። ካልሲ ያኔ የት አባቴ ነበረኝ? ሸራ ጫማዬ ውስጥ ነው የደበቅኩት።»

«ላስተካክለው፣ በሁለተኛው ዕትም...»

«ተይው፣ ልብ ወለድ ነው፤ ልጁን ካልሲ ካለበስሽው ይልበስ።» እርሳሱን ገጹ ላይ አሳረፈ። «ይሄ ግን ምንድነው? ዘጠና አራት?»

ራሕማ አንገቷን ሰበረች። «ሰው አያምንም ብለን አወረድነው።»

«ዘጠና ስምንት ነው» አለ ሰይድ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተናገረውን ነገር እንዲህ ተቆጥቶ ነው የተናገረው። «አራቷን ነጥብ ደግሞ ለማን ሰጣችኋት? ዘጠና ስምንት ነው ያመጣሁት።»

ያቺን «ያመጣሁት» የምትል ቃል ራሕማ ሰማች፤ ሀይሚም ሰማች። ለማንም ውለታ ዋልኩ የማይለው ሰው፣ ጭንቅላቴ ድንጋይ ነው ሲል የኖረው ሰው፣ ራሱ ዘጠና ስምንት አመጣሁ ሲል በጆሯቸው ሰሙት። ለእኔ የዚያ መጽሐፍ ዋጋ ያቺ ቃል ናት።

ራሕማ ስልኳን አንሥታ ማስታወቂያውን ከፈተች። ቴሌግራም የለቀቁትን ጽሑፍ ለማረም ይፈቅዳል። ዘጠና አራትን አጥፍታ ዘጠና ስምንት ብላ ጻፈች። ሰዓቷን አየች፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ማስታወቂያው በታቀደለት ሰዓት ወጣ ማለት ይቻላል።

«የታተመውስ?» አለች ሀይሚ። «አንድ ሺህ ቅጂ እኮ ነው።»

ሰይድ ከተቀመጠበት ካርቶን ላይ ተነሣና ክዳኑን ከፈተ። የመጀመሪያውን ቅጂ አወጣ፤ ገጽ 41ን ገለጠ፤ ዘጠና አራትን በአንድ ስስ መስመር ሰረዘ፤ ከላዩ ላይ በዚያ በተሞረደ ጫፍ ዘጠና ስምንት ብሎ በንጹሕ የትምህርት ቤት እጅ ጽሑፍ ጻፈ። ሁለተኛውን አወጣ። ሦስተኛውን አወጣ። ራሕማ «ጋሼ፣ ምሳ ብላ» አለችው። «ብሉ እናንተ» አላት፤ ቀና አላለም። ሀይሚ ሁለተኛውን ካርቶን አጠገቡ አስጠጋችለት፤ እሱም እርሳሱ ሲደንዝ ምላጭ ጠየቃት።